ስምንት ዓመት አንድ ባንክ ውስጥ፦ ቆየሁ ወይስ ተቀመጥኩ?

የቡልቡላዋ · ግንቦት 3፣ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ የግል ባንክ ውስጥ ከገባሁ ስምንት ዓመት ሞላኝ። ሁለቱን ዓመት ቅርንጫፍ ነበርኩ፣ ከዚያ ወዲህ ዋናው መሥሪያ ቤት ብድር ትንተና ክፍል ነኝ፤ አሁን ሲኒየር ደርሻለሁ። ባለፈው ሳምንት ሥራ ከጀመረ ጥቂት ዓመት የሆነው ሌላ ባንክ በቡድን መሪነት ጠራኝ። የእኔ ደመወዝ 42 ሺህ ነው፣ እነሱ 58 ሺህ ብለዋል።

ባለቤቴ በስድስት ዓመት ውስጥ አራት መሥሪያ ቤት የቀየረ ሰው ነው። ጉዳዩን ስነግረው "አንቺ እኮ እዚያ ወንበር ላይ ሥር ሰደድሽ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" አለኝ። ግን እሱም ባለፈው ወር ቃለ መጠይቅ ቀርቦ ነበር። ከጠያቂዎቹ አንዷ ሲቪውን እያገላበጠች ቆይታ "እኛ ጋስ ስንት ወር ልትቀመጥ አስበሃል?" አለችው። ቤት ገብቶ እየሳቀ ነው የነገረኝ። ሥራውን ግን አልሰጡትም።

የሚያናድደኝ ሌላም አለ። ዓምና ከውጭ የተቀጠረ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ሥራውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ የሚበልጠኝ ደግሞ በደመወዝ ነው። የገባው በገበያው ዋጋ ነው፣ እኔ በየዓመቱ እርከን እየጨመርኩ ነው የደረስኩት።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። አንዱ "ሦስት ዓመት ልክ ነው" ይላል፣ ሌላው "አምስት ሳይሞላ አትንቀሳቀሽ" ይላል። ሰው አንድ ቦታ መቆየቱ በዛ ወይም አነሰ የሚለው በምን አውቆ ነው?

---

ደመወዝ ወዳጅ · ግንቦት 3፣ ማታ

ይሄ ምን ያጠያይቃል? ሂጂ። እዚህ አገር ውስጥ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው የሚያገኘው እርከን ነው፣ የሚወጣ ሰው የሚያገኘው ደረጃ ነው። ያስተማርሽው ልጅ መልሱን በደመወዙ ነግሮሻል። እኔ በየሁለት ዓመቱ እቀይራለሁ፣ አንድ ቀን አልተጸጸትኩም።

ደግሞ አምስት ዓመት ስላለፈሽ በገዛ ፈቃድሽ ብትለቂም የሥራ ስንብት ክፍያ አለሽ። በየዓመቱ የአንድ ወር ደመወዝ ነው፤ ስምንት ጊዜ 42 ሺህ፣ 336 ሺህ ብር ይዘሽ ትወጫለሽ። ከዚህ በላይ ምን ምልክት ትፈልጊያለሽ?

---

ኮንትራት በኮንትራት · ግንቦት 4፣ ጠዋት

የእኔን ልንገርሽ፣ ምናልባት ለባለቤትሽ ይጠቅም ይሆናል። ኤንጂኦ ውስጥ የፋይናንስ ኦፊሰር ነኝ። በሰባት ዓመት አምስት ድርጅት። አንዱንም በፈቃዴ አልለቀቅኩም፤ ፕሮጀክቱ ያልቃል፣ ኮንትራቱም ያልቃል፣ እኛም እናልቃለን። ሲቪዬን ያየ ሰው ግን ዘላን ያደርገኛል።

ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን እንደማልጠራ አልገባኝም ነበር። በኋላ አንዲት ወዳጄ እያንዳንዱ ሥራ ሥር "የፕሮጀክቱ ጊዜ በመጠናቀቁ" ብዬ እንድጽፍ፣ የፕሮጀክቱንም ርዝመት እንድጨምር ነገረችኝ። የ18 ወር ፕሮጀክት ላይ 18 ወር የሠራ ሰው እስከ መጨረሻው የቆየ ሰው ነው። መጠራት የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ባለቤትሽ ከአራቱ ውስጥ ኮንትራቱ ያለቀበት ካለ ለይቶ ይጻፈው።

---

ሰው ኃይል ነበርኩ · ግንቦት 4፣ ከሰዓት

እህቴ፣ አሥራ አንድ ዓመት ባንክ ውስጥ በሰው ኃይል አስተዳደር ሠርቼ ወጥቻለሁ፤ አሁን የራሴ ነገር ላይ ነኝ። ስለዚህ የማንንም ጥቅም ሳልጠብቅ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ የወንድማችንን ስሌት ላርመው። አምስት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ሲለቅ ስንብት ያገኛል ያለው ልክ ነው፣ በሥልጠና ምክንያት የገባው የአገልግሎት ግዴታ ከሌለበት። ውጭ አገር ወይም በባንኩ ወጪ ተምረሽ ከሆነ ውሉን አውጥተሽ እይ። ስሌቱ ግን ተሳስቷል። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ብቻ ይጨመራል። በ42 ሺህ ብናስበው 42 ሺህ ለአንዱ ዓመት፣ 14 ሺህ ሲባዛ በሰባት 98 ሺህ፣ ድምሩ 140 ሺህ ነው። ግብርም አለበት። 336 ሺህ ብለሽ ቤት ውስጥ ዕቅድ እንዳታወጪበት። የኅብረት ስምምነታችሁ የተሻለ ነገር ካለው ደግሞ እሱን ተከተዪ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ማስታወቂያው ላይ "6 ዓመት፣ ከዚህ ውስጥ 2ቱን በሲኒየርነት" ስለሚል ዓመት እንቆጥራለን፤ ያ የወረቀት ማጣሪያ ነው። ያለፉትን ይዘን ጠረጴዛ ዙሪያ ስንቀመጥ ግን ንግግሩ ይቀየራል። ያኔ የምንፈልገው ሰውዬው የጀመረውን ነገር መጨረሻ አይቷል ወይስ አላየም የሚለውን ነው።

ብድር ላይ ይሄ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሥራ ማስኬጃ ብድር በዓመቱ ለእድሳት ይመጣል። የፕሮጀክት ብድር የእፎይታ ጊዜ አለው፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ይከፈላል። አንድ ተንታኝ "ይህ ደንበኛ ይከፍላል" ብሎ ፈርሞ በ14ኛው ወር ሌላ ባንክ ቢገባ፣ ብድሩ ሳይከፈል 90 ቀን አልፎት ተበላሸ ሲባል እሱ የለም። ለምን እንደተበላሸ ፋይሉን ገልጦ የሚያነበው ሌላ ሰው ነው። ልጁ ጎበዝ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ራሱም አያውቅም። ሦስት ቦታ እንዲህ ያደረገ ሰው ቃለ መጠይቅ ላይ "የፈረምክበት ሆኖ የተበላሸ ብድር ንገረን" ስንለው ዝም ይላል። ዝም ያለው ንጹሕ ስለሆነ አይደለም፣ ስላላየ ነው። እና በእኔ ግምት ለብድር ሰው ትንሹ ልክ ያጸደቀውን ብድር ሁለት ዙር ሲታደስ ማየት፣ አንዱንም ሲታመም ማስታመም ነው። በዓመት ሲመነዘር ሦስት ወይም አራት ይሆናል። የቅርንጫፍ ገንዘብ ከፋይ ግን በዓመት ተኩል ሥራውን ጨርሶ ያውቀዋል። ለሁሉም አንድ ቁጥር የሚናገር ሰው ካጋጠመሽ አትስሚው።

ከልክ በላይ መቆየትስ በምን ይታወቃል? ለራሴ ያደረግኩትን ልንገርሽ። ወረቀት ወስደሽ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ መስመር ጻፊ፤ ከዚያ በፊት አድርገሽው የማታውቂው፣ በዚያ ዓመት ያደረግሽው ነገር ምንድን ነው? "ጠንክሬ ሠራሁ" አይሠራም። ሁለት ዓመቶች ቦታ ቢለዋወጡ ልዩነት ከሌላቸው እንደ አንድ ቁጠሪያቸው። ወረቀቱ ላይ የቀረው ቁጥር ትክክለኛ ልምድሽ ነው። እኔ አሥራ አንዱን ዓመት ስጽፍ ስድስት ቀረኝ። ከአንድ ሳምንት በኋላ መልቀቂያ አስገባሁ።

---

ሐዋሳ መስመር · ግንቦት 4፣ ማታ

ከላይ ያሉት ሰውዬ ያሉት እኔ ላይ ደርሷል፣ በተቃራኒው በኩል።

2014 ላይ አዳዲስ ባንኮች እየተከፈቱ ከነባሮቹ ሰው ሲሰበስቡ እኔ የደንበኞች አገልግሎት ተቆጣጣሪ ነበርኩ፣ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላኝ። በቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅነት ወሰዱኝ። ደመወዙ እጥፍ ሆነ፣ እናቴ ጎረቤት ጠርታ ቡና አፈላች። ቅርንጫፉ ስገባ ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ ስድስት ሠራተኛ፣ አንድ ጥበቃ፣ እና በወር ይህን ያህል ዲፖዚት አምጡ የሚል ወረቀት።

ዲፖዚቱን በዘመድ በጓደኛ አመጣሁት። ችግሩ ስድስተኛው ወር ላይ አንድ አስመጪ ኤልሲ፣ ማለትም ባንኩ ለውጭው ሻጭ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና፣ ለመክፈት መጣ። እኔ በሕይወቴ የኤልሲ ፋይል ከፍቼ አላውቅም። ሰውየው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት አራት ጊዜ ደወልኩ። በአራተኛው "ወንድሜ፣ አትቸገር" ብሎኝ ሰነዱን ሰብስቦ ወጣ። ሒሳቡንም ዘጋ።

አሁን አራት ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ መውጣትም መቆየትም ከብዶኛል። ሌሎች ባንኮች ማዕረጌን ሲያዩ ሥራ አስኪያጅ ብለው ይጠሩኛል፤ ሲጠይቁኝ ደግሞ ተቆጣጣሪ ሆኜ አገኛለሁ። ዝቅ ብዬ ልግባ ብል "ለምን ዝቅ ትላለህ?" ይላሉ። የቡልቡላዋ፣ አንቺ ግን ስምንት ዓመት ሠርተሻል፤ የእኔ ዓይነት አይደለሽም። ልጠይቅሽ የፈለግሁት ቡድን መሪ ስትሆኚ የምትመሪው ቡድን አለ ወይስ አንቺው ነሽ የምትቀጥሪው?

---

መምህር ከደሴ · ግንቦት 5፣ ጠዋት

እኔ ደግሞ ዝውውር ከጠየቅኩ ዘጠኝ ዓመቴ። እዚህ የምታወሩት ሰው በፈለገው ጊዜ የሚሄድበትን አገር ነው። እኛ ዘንድ ጥያቄው ስንት ዓመት ልቆይ አይደለም፣ ቅጹን ስንት ጊዜ ልሙላ ነው። ለማንኛውም ልጄ፣ ቤተሰብሽ ያለበትን አስቢ።

---

የቡልቡላዋ · ግንቦት 5፣ ማታ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይርዳዎት። ዘጠኝ ዓመት!

ጋሼ፣ ያሉኝን አደረግኩ። ማታ ልጄ ከተኛች በኋላ ወጥ ቤት ተቀምጬ ስምንት መስመር ጻፍኩ። ሳይሸፋፈን ይኸው፦

አንደኛው ዓመት መስኮት ላይ፣ ገንዘብ መክፈልና መቀበል። ሁለተኛው እዚያው፣ ግን ሒሳብ መዝጋት ተማርኩ። ሦስተኛው ወደ ብድር ገባሁ፣ የሌላ ሰው ትንተና እየተከተልኩ ሠንጠረዥ መሙላት። አራተኛው የመጀመሪያዬን ፋይል ብቻዬን ሠራሁ፤ የቡና ላኪ ነበር፣ እንዴት እንደፈራሁ አልረሳውም። አምስተኛው የዚያው ላኪ እድሳት መጣ፣ መጠኑን እንቀንስ ብዬ ተከራክሬ ተሰማሁ። ስድስተኛው ሲኒየር ሆንኩ። ስድስተኛው ላይ አዲስ ነገር ፈልጌ ያገኘሁት ማዕረጉን ብቻ ነው። ሰባተኛውና ስምንተኛው ቢለዋወጡ ማንም አያውቅም።

ማለትም አምስት። ትንሽ አለቀስኩ፣ አልዋሽም።

ሌላም አየሁ። አንድም የተበላሸ ብድር እስከ መጨረሻው ተከታትዬ አላውቅም። 90 ቀን ሲያልፈው ፋይሉ ወደ ማስመለስ ክፍል ይሄዳል፣ እኔ ወደ ቀጣዩ አመልካች። ስለዚህ ያ ጥያቄ ቢጠየቅ እኔም ዝም ነው የምለው፣ ስምንት ዓመት ቆይቼ።

ሐዋሳ መስመር፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ደውዬ ጠየቅኳቸው። ቡድኑ ሦስት ሰው ነው፤ ሁለቱ የዘንድሮ ምሩቃን ናቸው።

---

ደመወዝ ወዳጅ · ግንቦት 5፣ ማታ

የስንብቱን ስሌት ተቀብያለሁ፣ ጋሼ ልክ ነዎት፤ እኔ ራሴ አምስት ዓመት የትም ስላልሞላኝ ተቀብዬው አላውቅም። ሌላው ግን አልተዋጠልኝም። "መጨረሻውን እይ" የሚባለው ምክር ቀጣሪን የሚጠቅም ምክር ነው። ድርጅቱ ሠራተኛ መቀነስ ሲፈልግ የአንቺን ዙር እስክትጨርሺ ይጠብቅሻል? ወረቀቱ ላይ አምስት ይቅር ስምንት፣ ኪራይ የሚከፈለው በብር ነው። እሷ 16 ሺህ ጭማሪ ቀርቦላት እዚህ ስለ ቡና ላኪ እናወራለን።

---

ሰው ኃይል ነበርኩ · ግንቦት 6፣ ጠዋት

ቀጣሪን ይጠቅማል ላልከው፣ ግማሹ እውነት ነው። ግን በየሁለት ዓመቱ የሚቀይር ሰው ሌላ ሒሳብም አለው። የዓመት ፈቃድህ ስንት ቀን ነው? ሁሌ 16 ነው አይደል? በሁለት ዓመት አንድ ቀን የሚጨመረው እዚያው ለቆየ ሰው ነው። ጡረታው ይከተልሃል፣ እሱ ላይ ችግር የለም። የሠራተኛ ብድር ግን አብዛኛው ባንክ የተወሰነ ዓመት ካላገለገልክ አይሰጥም፣ አንተ ደግሞ ልክ ሲደርስህ ትሄዳለህ።

እና የቡልቡላዋ፣ እዚህ ላይ ልጠይቅሽ፤ ቤት በሠራተኛ ብድር ገዝተሻል?

---

የቡልቡላዋ · ግንቦት 6፣ ምሳ ሰዓት

አዎ። ኮንዶሚኒየም ነው። የቀረው 1.8 ሚሊዮን ነው፣ 15 ዓመት ይቀረዋል፣ በ7 በመቶ። ውሉ ላይ ሠራተኛው ሲለቅ ወለዱ ለማንኛውም ደንበኛ በሚታሰበው ይተካል ይላል። አሁን ያ 18 ነው። እውነቱን ለመናገር ይሄን አንቀጽ ከፈረምኩ ወዲህ ዛሬ ነው ያነበብኩት። ብድር ተንታኝ ነኝ ብዬ!

---

ስሌት ላይ ብቻ · ግንቦት 6፣ ከሰዓት

ይሄን ስሌት ካልሠራን ሌላው ወሬ ነው።

1.8 ሚሊዮን በ7 በመቶ ለ15 ዓመት፣ በወር 16,200 ገደማ ትከፍላለች። በ18 በመቶ ሲሆን 29,000 ገደማ። ልዩነቱ በወር 12,800 ነው።

ጭማሪው 16,000 ነው ተባለ። ከ14,000 በላይ ያለው ደመወዝ ላይ ግብሩ 35 በመቶ ነው፤ ጡረታ 7 በመቶ ይቆረጣል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ አዲስ 100 ብር 58 እጇ ይገባል። 16,000ው 9,280 ይሆናል።

9,280 ገባ፣ 12,800 ወጣ። ቡድን መሪ ሆና በየወሩ 3,500 ብር ትከስራለች። ስንብቱ 140 ሺህ ይህን ቀዳዳ ሦስት ዓመት ተኩል አይሞላም፣ ግብሩ ከተነሳለት ደግሞ ያንሳል።

---

ደመወዝ ወዳጅ · ግንቦት 6፣ ከሰዓት

እሺ፣ ይሄን አላሰብኩትም። ግን አዲሱ ባንክ ብድሩን ይረከባት። ጓደኛዬን ተረክበውታል።

---

ሰው ኃይል ነበርኩ · ግንቦት 6፣ ማታ

ይረከባሉ፣ ብዙ ጊዜ። ዋናው መቼ እና በስንት ነው። "እንረከባለን" በቃል ተብሎ ከገባች በኋላ "የሙከራ ጊዜሽን ጨርሺ"፣ ቀጥሎ "አንድ ዓመት አገልግዪ" ሲባል አይቻለሁ። በዚያ መሃል ያሉት ወሮች በ18 በመቶ ናቸው። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን፤ የሚረከቡበት ወር፣ ወለዱ፣ የቀረው ጊዜ። የቅጥር ደብዳቤው ላይ ካልገባ የለም ብለሽ ቁጠሪው።

የሙከራ ጊዜው 60 የሥራ ቀን ነው። በዚያ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ። አንቺም ያለ ማስጠንቀቂያ መሄድ ትችያለሽ፣ ግን የት? የድሮው በር ተዘግቷል፣ ብድሩም ተቀይሯል።

---

ሐዋሳ መስመር · ግንቦት 6፣ ማታ

አንድ ነገር ልጨምር። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ያሳደገው 2013 ላይ ነው። ታኅሣሥ 2017 ላይ ደግሞ የውጭ ባንክ እንዲገባ የሚፈቅደው አዋጅ ጸደቀ። አነስተኞቹ ባንኮች ውስጥ ያለን ሰዎች በየሻይ ሰዓቱ የምናወራው መዋሐድ ይመጣል ወይ የሚለውን ነው። ቢመጣና ሠራተኛ ይቀነስ ቢባል፣ ችሎታው እኩል ከሆነ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ የአገልግሎት ዘመን ነው። ስምንት ዓመቱን ጥለሽ ስትሄጂ በአዲሱ ቤት ከዜሮ ነው የምትጀምሪው። አትሂጂ አላልኩም።

---

ኮንትራት በኮንትራት · ግንቦት 7፣ ጠዋት

እኔ ግን የሚገርመኝ የሰዎች ፍርሃት ነው። ሥራ የሌለው ስንት አለ። ብትሄድም ብትቀርም ሥራ አላት። በነገራችን ላይ ስትለቂ የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ ላይ ደመወዝሽና የሥራ ግብር መከፈሉ መጻፉን ሳታዪ ከኤች አር ቢሮ እንዳትወጪ። እኔ ሳይጻፍ ወስጄ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሦስት ዓመቴን አልቆጥርም አለኝ፤ ድርጅቱ ደግሞ ተዘግቶ ነበር።

---

የቡልቡላዋ · ግንቦት 12፣ ማታ

ይቅርታ ጠፋሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

አዲሱ ባንክ በኢሜይል መለሰልኝ። ብድሩን ይረከባሉ፣ ግን ከአንድ ዓመት አገልግሎት በኋላ፤ ወለዱንም በወቅቱ ባለው መመሪያ ነው ያሉት። የዓመቱን ልዩነት ስሌት ላይ ብቻ ባለው ሳሰላው 42 ሺህ ገደማ ከኪሴ ነው። እሱን ስንብቱ ይሸፍነዋል፣ ስለዚህ በገንዘብ በኩል የማይቻል አይደለም። "በወቅቱ ባለው መመሪያ" የሚለው ግን አላስተኛኝም፤ እኔ ራሴ ደንበኛ እንደዚህ ጽፎ ቢያመጣልኝ አልቀበለውም።

ሌላው፣ ሰኞ ዕለት አለቃዬ ጋ ገባሁ። ስለ ጥሪው አልነገርኳትም። ወደ ብድር ማስመለስ ክፍል ልዛወር አልኳት። እንደ ቅጣት የሚታይ ክፍል ነው፤ ማንም በፈቃዱ አይሄድም፣ ሐራጅና ፍርድ ቤት ነው። መነጽሯን አውልቃ አየችኝና "ከሰው ተጣላሽ?" አለችኝ። አልተጣላሁም፣ የፈረምኩባቸው ፋይሎች የት እንደሚደርሱ ማየት እፈልጋለሁ አልኳት። ማመልከቻ አስገቢ ብላኛለች፣ አስገባሁ።

ባለቤቴ "ከፍ በይ ሲሉሽ ወደ ጎን ሄድሽ" ብሎ ሁለት ቀን አኩርፎኛል።

---

ደመወዝ ወዳጅ · ግንቦት 12፣ ማታ

ከባለቤትሽ ጋ ነኝ። በዚያው ደመወዝ፣ በከበደ ሥራ፣ እዚያው ሕንፃ ውስጥ። ይሄ መቆየት በሌላ ስም ነው።

---

ሰው ኃይል ነበርኩ · ግንቦት 13፣ ጠዋት

እኔ በጎ እርምጃ ነው እላለሁ፣ ግን ወንድማችን ያለውም ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ዝውውሩ ሲፈቀድ ደረጃው ባለበት ከሆነ፣ ቢያንስ እስከ መቼ እንደሆነ ለራስሽ ቀን ቁረጪ። "ጥቂት ልያት" ብለው ገብተው ስድስት ዓመት የተረሱ ሰዎች ፋይል እጄ ላይ ነበር። ማስመለስ ክፍል ውስጥ አንድ ፋይል ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እስከ ሐራጅ ዓመት ተኩል ቢወስድ አይገርምም፤ ሁለት ፋይል እስከ መጨረሻው ካየሽ ይበቃል።

ለአዲሱ ባንክስ እስከ መቼ መልስ ትሰጫለሽ?

---

የቡልቡላዋ · ግንቦት 13፣ ምሳ ሰዓት

እስከ ሰኔ መጀመሪያ ጊዜ ሰጥተውኛል። የወለዱን ቁጥር በደብዳቤ ጻፉልኝ ብዬ መልሼ ጠይቄያለሁ። ከጻፉት እንደገና አስባለሁ። ደግሞ የእኛ ባንክ ሒሳብ የሚዘጋው ሰኔ 23 ነው፣ ቦነስ የሚከፈለው ደግሞ ከዚያ በኋላ በሥራ ላይ ላለ ሰው ብቻ ነው፤ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያውን ከግንቦት 24 በፊት ካስገባሁ ቦነሱ ቀረ ማለት ነው። ይሄንንም ባለቤቴ ነው ያስታወሰኝ፣ እያኮረፈ።

---

ሐዋሳ መስመር · ግንቦት 13፣ ማታ

ማስመለስ ክፍል ከገባሽ የዚያ ቡና ላኪ ፋይል እዚያ እንዳይጠብቅሽ ብቻ 🙂

---

የቡልቡላዋ · ግንቦት 13፣ ማታ

እሱ እስከ ባለፈው ወር ድረስ ከፍሏል። ዛሬ ጠዋት አየሁት።